የማንጎ ፓይ በጭሮ ምድጃ፦ ቂጣው ንብርብር፣ ታቹም ደረቅ እንዲሆን

የማንጎ ወቅት ሲገባ በጭሮና በዙሪያዋ ባሉ ከተሞች ፍሬው ይረክሳል። ተበልቶና ተጨምቆ የተረፈው ሲበዛ፣ ኦቨን ያለው ቤት አንድ ሌላ ነገር ይሞክራል፤ ማንጎውን በሊጥ አልብሶ ፓይ መጋገር። ሞካሪዎቹን ብዙ ጊዜ የሚገጥማቸው ችግር ደግሞ አንድ ዓይነት ነው። ፓዩ ከምድጃ ሲወጣ ላዩ ቀይ ዳማ ሆኖ ያምራል፤ ሽታውም ይጠራል። ቢላዋ ሲገባበት ግን ጭማቂው ወደ ሳህኑ ይፈሳል፤ የታችኛው ቂጣ ላሽቆ፣ ነጣ ብሎና ረጥቦ ከትሪው ጋር ተጣብቆ ይቀራል።

ሊጥ አልብሶ ማብሰል ለምዕራብ ሐረርጌ እንግዳ አይደለም። ሳምቡሳ በየሻይ ቤቱ ደጃፍ ይጠበሳል፤ ወደ ድሬዳዋና ወደ ሐረር ሲዘለቅ ደግሞ በቁርስ ሰዓት ፈጢራ አለ። ሳምቡሳ ግን ከላይም ከታችም በጋለ ዘይት ተከቦ ስለሚበስል ውስጡ እስኪያረጥበው ድረስ ቅርፊቱ ደርቆ ያልቃል። ፓይ ይህ ዕድል የለውም። አንድ ኪሎ ያህል እርጥብ ፍሬ በቀጭን ጥሬ ሊጥ ላይ ተጭኖ፣ በአየር ሙቀት ብቻ እንዲበስል ይጠበቃል።

ለዚህ ችግር ዓለም ላይ የቀረቡት መፍትሔዎች ብዙ ናቸው። አንዱ ቅቤውን፣ ሌላው ዱቄቱን ይወቅሳል፤ አንዱ ሊጡን ለብቻው ቀድሞ ይጋግራል፣ ሌላው የእንቁላል ነጭ ይቀባል። እነዚህን ሁሉ በጭሮ ዱቄት፣ በጭሮ ቅቤና በጭሮ እሳት ሚዛን ስንመዝናቸው እኩል አይወጡም። ሁለቱ ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጣሉ፦ የፍሬው ውሃ ወደ ሊጡ ከመግባቱ በፊት መቀነሱ፣ እና የመጀመሪያው ኃይለኛ እሳት ከታች መምጣቱ። የቀረው ሁሉ የእነዚህ ረዳት ነው።

ምክንያቱን ለመረዳት ከቂጣው መጀመር ይሻላል። ፓይ ላይ የሚፈለገው ንብርብር የሚፈጠረው በቅቤና በውሃ ነው። ቀዝቃዛ ቅቤ በዱቄት ውስጥ ሙሉ በሙሉ ሳይሟሟ በትንንሽ ቁራጭ እንደተቀመጠ ሊጡ ሲዳመጥ፣ ቁራጮቹ ተጠፍጥፈው በሁለት የሊጥ ሽፋኖች መካከል እንደ ስስ ቅጠል ይተኛሉ። ሊጡ ኃይለኛ ሙቀት ሲያገኘው ቅቤው ቀልጦ ቦታውን ይለቃል፤ በቅቤውና በሊጡ ውስጥ ያለው ውሃ ደግሞ በድንገት እንፋሎት ሆኖ ሽፋኖቹን ወደ ላይ ይገፋቸዋል። ሽፋኖቹ ተገፍተው ባሉበት ሰዓት ዱቄቱ ከበሰለና ከደረቀ ንብርብሩ እንደቆመ ይቀራል። ሙቀቱ ቀስ ብሎ ከመጣ ግን ቅቤው ቀድሞ ይቀልጥና ወደ ዱቄቱ ይሰርጋል። ያኔ እንፋሎቱ የሚገፋው ክፍተት አይኖርም፤ ቂጣውም ድፍን ሆኖ ይጋገራል።

ከዚህ ተነስተን ቅቤዎቹን እንያቸው። በጭሮ ገበያ በብዛት የሚገኘው ከእርጎ ተንጦ የወጣ ለጋ ቅቤ ነው። ጣዕሙ ለፓይ ይስማማል፤ ችግሩ የውሃው መጠን ከሻጭ ሻጭ መለያየቱ ነው። ፋብሪካ የሚያመርተው የገበታ ቅቤ በመቶው 16 ገደማ ውሃ አለው፤ በቤት የተናጠው ግን አሬራው በደንብ ካልወጣለት ከዚህ በጣም ሊበልጥ ይችላል። መለኪያው ቀላል ነው። ጥቂት ቅቤ በጠባብ ብርጭቆ አድርጎ ብርጭቆውን ሙቅ ውሃ ውስጥ ማቆም፤ ቅቤው ሲቀልጥና ሲረጋጋ ውሃውና አሬራው ከታች፣ ዘይቱ ከላይ ይለያያሉ። የታችኛው ክፍል ከብርጭቆው ይዘት አንድ አምስተኛ በላይ ከያዘ፣ ቅቤው በቀዝቃዛ ውሃ ደጋግሞ መታጠብና መጨመቅ አለበት። ይህ ካልተደረገ ሊጡ ላይ ከሚጨመረው ውሃ መቀነስ ያስፈልጋል።

ንጥር ቅቤ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ሲነጠር ውሃው ስለወጣ እንፋሎት የሚሰጠው ነገር የለውም፤ የሚያወጣው ቂጣ እንደ ብስኩት የሚፈረፈር እንጂ ንብርብር ያለው አይደለም። ኮረሪማው፣ አብሹና ኮሰረቱ ከማንጎ ጋር መጋጨታቸውም ሌላ ጉዳይ ነው። በየሱቁ የሚሸጠው የሚረጋ ዘይትም ውሃ የለውም፤ ግን አንድ ጥቅም ይሰጣል። ቅቤ በ32 እና በ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መካከል ሙሉ በሙሉ ሲቀልጥና ከዚያም በፊት በጣም ሲለሰልስ፣ የሚረጋው ዘይት በክፍል ሙቀት ቅርጹን ይዞ ይቆያል።

ይህ ልዩነት በዞኑ ውስጥ ካለው የአየር ልዩነት ጋር ሲገናኝ ትርጉም ያገኛል። ጭሮ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች የወይና ደጋ ከተማ ናት፤ ጠዋት ላይ ወጥ ቤቱ ቀዝቃዛ ስለሆነ ቅቤ ብቻውን በቂ ነው። ወደ ሚኤሶ ሲወረድ ግን ከ1,400 ሜትር በታች ይደረሳል። እዚያ እኩለ ቀን ላይ ቅቤ በእጅ መካከል ይቀልጣል። ስለዚህ ለሚኤሶና ለመሰሏ ቆላ ከተሞች ሁለት እጅ ቅቤ ከአንድ እጅ የሚረጋ ዘይት ጋር መቀላቀል፣ ዱቄቱንም ጭምር በማቀዝቀዣ ማሳደር፣ ሥራውንም ጎህ ሲቀድ መሥራት ተገቢ ነው። ሙሉ በሙሉ በሚረጋ ዘይት የተሠራ ቂጣ ለመዳመጥ የሚመች ቢሆንም አፍ ውስጥ ሰም ይመስላልና አይመከርም።

ዱቄቱ ሁለተኛው ተወቃሽ ነው። የፉርኖ ዱቄት ውሃ ሲያገኝና ሲታሽ ግሉተን የሚባለው የፕሮቲን መረብ ይሠራል፤ ዳቦን የሚያስነሳው ይኸው ነው። ፓይ ላይ ግን መረቡ ሲጠነክር ሊጡ ሲዳመጥ ተመልሶ ይሰበሰባል፣ ትሪው ላይ ሲጋገር ከጠርዙ ወደ ታች ይንሸራተታል፣ ሲበላም ለማኘክ ያስቸግራል። እዚህ ላይ ፈጢራ ጥሩ ማነጻጸሪያ ነው። የፈጢራ ሊጥ በደንብ ታሽቶ፣ ዘይት ተቀብቶና አርፎ፣ ከሥሩ ያለው ጠረጴዛ እስኪታይ ድረስ ይለጠጣል፤ ከዚያ በእንቁላል ወይም በሌላ ነገር ታጥፎ ይጋገራል። ንብርብሩ የሚገኘው ከመለጠጥና ከማጠፍ ነው፤ ለመለጠጥ ደግሞ ጠንካራ ግሉተን ያስፈልጋል። የፓይ ሊጥ የሚሄደው በተቃራኒው ነው፤ ግሉተኑ እንዳይጠነክር በጥቂቱ ይነካል። ይሁን እንጂ ከፈጢራ የሚወሰድ አንድ ነገር አለ፤ ማጠፉ። የፓይ ሊጥ አንድ ጊዜ በአራት ማዕዘን ተዳምጦ፣ ሦስት ቦታ ታጥፎ፣ ቀዝቅዞ እንደገና ቢዳመጥ ንብርብሩ ይበዛል። ማሸት ሳይሆን ማጠፍ ስለሆነም ሊጡን ብዙም አያጠነክረውም።

ግሉተንን ለመግታት ከቀረቡት ዘዴዎች ስሙ በሰፊው የወጣው ኩክስ ኢለስትሬትድ የተባለው የአሜሪካ የምግብ መጽሔት በ2007 እ.ኤ.አ. ያወጣው ነው። ኬንጂ ሎፔዝ-አልት በሠራው በዚያ አሠራር ከሊጡ ውሃ ግማሹ በቮድካ ይተካል፤ አልኮል ዱቄቱን ያርሳል፣ ግሉተን ግን አይሠራም፤ ምድጃ ውስጥም ተንኖ ይሄዳል። አገር ቤት ዳግም አረቄ ያንኑ ሊሠራ ይችል ነበር፤ ሽታው ግን ከማንጎ ጋር አይሄድም። አልኮል በማይገባባቸው የጭሮ ብዙ ቤቶች ደግሞ ነገሩ ከመነሻው አይታሰብም። የሚያጽናናው በዚያው አሠራር ውስጥ ከቮድካው የሚበልጥ ሌላ ጥበብ መኖሩ ነው፤ ከዱቄቱ የሚበዛውን እጅ መጀመሪያ ከቅቤው ጋር አዋህዶ ማጣበቅ፣ የቀረውን ዱቄት በመጨረሻ መነስነስ። በቅቤ የተለበሰው ዱቄት ውሃ በቀላሉ አያገኝም፤ ውሃ ካላገኘም ግሉተን አይሠራም። ይህኛው ዘዴ ምንም የተለየ ዕቃ ስለማይጠይቅ፣ ለጀማሪ ከሁሉም የተሻለው ነው።

አሁን ወደ ታችኛው ቂጣ እንምጣ።

የላሸቀ ታች ሁለት ዓይነት ነው፤ መድኃኒታቸውም ይለያያል። የመጀመሪያው ፈጽሞ ያልበሰለው ነው። ሲታይ ግራጫማና ብርሃን የሚያስተላልፍ ይመስላል፤ በጣት ሲጫኑት ይድጣል፤ ሲቀምሱት የጥሬ ዱቄት ጣዕም አለው። ሁለተኛው በስሎ ኋላ የረጠበው ነው። ታቹ ቡናማ ሆኗል፣ ጣዕሙም የበሰለ ነው፤ ግን ጭማቂው ሰርጎ አለስልሶታል። የመጀመሪያውን የሚያድነው እሳት ነው፤ ሁለተኛውን የሚያድነው የጭማቂው ውፍረትና የአቀዘቃዘዙ ሁኔታ ነው። ብዙዎች የመጀመሪያው ችግር እያለባቸው የሁለተኛውን መድኃኒት ይወስዳሉ፤ ስታርች ላይ ስታርች ይጨምራሉ፤ ታቹ ግን ጥሬ እንደሆነ ይቀጥላል።

ለምን ጥሬ ይቀራል? የማንጎ ሥጋ በመቶው 83 ገደማ ውሃ ነው። ጭሮ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ እዚያ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሊጡ በውሃ እንደተነከረ እስካለ ድረስ ምድጃው 220 ዲግሪ ቢሆን እንኳ የረጠበው ሊጥ ከዚያ የፈላ ውሃ ሙቀት ብዙም አያልፍም። ቂጣ በደንብ ቡናማ መሆን የሚጀምረው ደግሞ ደርቆ ከ140 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ነው። ስለዚህ ጥያቄው ማን ይቀድማል የሚለው ነው፤ ከታች የሚመጣው እሳት ሊጡን ቀድሞ ካደረቀው ጭማቂው ኋላ ቢመጣም ብዙ አይጎዳውም። ጭማቂው ከቀደመ ግን እሳቱ ጉልበቱን ሁሉ ውሃ በማፍላት ይጨርሰዋል።

የከተማ ቤቶች ትንንሽ የኤሌክትሪክ ኦቨኖች እዚህ ላይ ይደክማሉ። ብዙዎቹ ከላይ ሲያቃጥሉ ከታች ይለግማሉ፤ ሽቦው መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ትሪም ከታች የሚያገኘው ሞቃት አየር ብቻ ነው። ውጭ አገር ያሉ ጋጋሪዎች ለዚህ የሚገዙት የመጋገሪያ ድንጋይ አለ። በእኛ ቤት ያንኑ ሥራ የተሰበረ የሸክላ ምጣድ ቁራጭ ይሠራል። ታጥቦ የደረቀ፣ ኦቨኑ ውስጥ የሚገባ ስፋት ያለው ስባሪ በታችኛው መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ኦቨኑ ለ40 ደቂቃ ያህል ይጋላል። ፓዩ በስስ የብረት ትሪ ሆኖ በቀጥታ በላዩ ሲቀመጥ፣ ሸክላው ያጠራቀመውን ሙቀት ወዲያውኑ ለታችኛው ሊጥ ይሰጠዋል። የብርጭቆ ትሪ የታቹን ቀለም ለማየት ቢመችም፣ ቀዝቃዛ ብርጭቆ በጋለ ሸክላ ላይ ሲቀመጥ ሊሰነጠቅ ስለሚችል ከዚህ ዘዴ ጋር መቀላቀል የለበትም።

ኦቨን የሌለው ወይም መብራት የጠፋበት ቤት የድፎ ዳቦን አጋገር ያስታውስ። ድፎ የሚበስለው ከታችም ከላይም በሚነድ እሳት ነው፤ ለፓይም ይህ ተስማሚ ነው፤ የሚለወጠው የእሳቱ ቅደም ተከተል ብቻ ነው። ለመጀመሪያዎቹ 15 ደቂቃዎች ፍሙ በብዛት ከታች ይሁን፤ ከዚያ ከታች ቀንሶ በብረት ክዳኑ ላይ መጨመር። ድፎ ላይ የሚነጠፈው ኮባ ወይም የሙዝ ቅጠል ግን ለፓይ አይሆንም፤ ቅጠሉ እርጥበት ይይዛል፣ ታቹንም ከእሳቱ ይከልለዋል።

ሊጡን ብቻውን ቀድሞ መጋገርም አስተማማኝ መንገድ ነው። ሊጡ ትሪው ላይ ተነጥፎ በደንብ ከቀዘቀዘ በኋላ የመጋገሪያ ወረቀት ይለብስና በላዩ ደረቅ ሽንብራ እስከ ጠርዙ ይሞላበታል። ሽንብራው እስከ ጠርዝ ካልደረሰ የትሪው ግድግዳ ላይ ያለው ሊጥ ይንሸራተታል፤ ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው። በ200 ዲግሪ 25 ደቂቃ ከተጋገረ በኋላ ወረቀቱና ሽንብራው ወጥቶ፣ ታቹ ደረቅ መስሎ ፈካ ያለ ቡናማ እስኪይዝ ሌላ 10 ደቂቃ ያህል ይቆያል። ከምድጃ እንደወጣ ትኩስ እያለ ስስ የእንቁላል ነጭ ይቀባል፤ በሙቀቱ ወዲያው ስለሚረጋ ትንንሽ ስንጥቆችን ይደፍናል። ሊጡን በሹካ የወጉት ከሆነ ይህ ቅብ ግዴታ ነው፤ አለበለዚያ ጭማቂው በቀዳዳዎቹ ወርዶ ከሥር ይቃጠላል። የተቃጠለ ስኳር ደግሞ ቂጣውን ከትሪው ጋር ያጣብቀዋል። የዚህ መንገድ ገደብ ሙሉ ክዳን ላለው ፓይ አለመመቸቱ ነው፤ የበሰለ ጠርዝ ከጥሬ ክዳን ጋር አይያያዝም። ላዩን በሊጥ ክሮች አጠላልፎ መሸፈን ግን ይቻላል፤ ለእርጥብ ፍሬም እንፋሎቱ በክሮቹ መካከል ስለሚወጣ ይህ ይመረጣል።

ከቂጣውና ከፍሬው መካከል የሚነጠፍ መምጠጫም አለ። የኦስትሪያ ጋጋሪዎች በፖም ስትሩደል ውስጥ በቅቤ የተጠበሰ የዳቦ ፍርፋሪ ይነሰንሳሉ፤ ፈረንሳዮች የለውዝ ቅባት ይቀባሉ። ለምሥራቁ አገር የሚስማማው ኦቾሎኒ ነው። የባቢሌ ኦቾሎኒ በመላ አገሪቱ የታወቀ ነው፤ ተቆልቶ፣ ተወቅጦና ከትንሽ ስኳር ጋር ተቀላቅሎ ግማሽ ሴንቲሜትር ያህል ቢነጠፍ ጭማቂውን ይመጥጣል፤ ጣዕሙም ከማንጎ ጋር ይስማማል። በሶም ይመጥጣል፤ ግን በብዛት ሲገባ ገንፎ ይሆናልና አንድ ሁለት ማንኪያ ይበቃዋል። እነዚህ ሁሉ ጠብ ጠብ የሚለውን ይይዛሉ እንጂ ያልተቀነሰ ጭማቂን አይመክቱም።

ጭማቂውን መቀነስ ላይ ግልጽ ትምህርት ከሰጡት አንዷ አሜሪካዊቷ ሮዝ ሌቪ በራንባም ናት፤ በ1998 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው የፓይ መጽሐፏ ፍሬው በስኳር ተነክሮ ውሃውን እንዲለቅ ማድረግን፣ የተለቀቀውንም ጭማቂ ለብቻው አፍልቶ ማወፈርን ታስተምራለች። ውሃው ከፓዩ ውጭ፣ ድስት ላይ ይተናል፤ ጣዕሙ ግን ተመልሶ ይገባል። ምድጃ ውስጥ በጭማቂ የሚሞላ ፓይና ቀድሞ የተጠጣለለ ፓይ ሲቆረጡ ልዩነታቸው በዓይን ይታያል።

ይህን ሁሉ አንድ ላይ አድርጎ፣ 24 ሴንቲሜትር በሆነ ትሪ በጭሮ የሚሠራ የማንጎ ፓይን ደረጃ በደረጃ እንመልከት።

ማንጎው ሲመረጥ የበሰለ ግን ጠንከር ያለ ይሁን፤ ሲጫኑት በጥቂቱ የሚሰጥ፣ ጣት ግን የማይሰጥምበት። ከዘር የበቀለው የአካባቢው ማንጎ ጣፋጭ ቢሆንም ጭረቱ ይበዛል፤ መልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል ካስተዋወቃቸው የተሻሻሉ ዝርያዎች እንደ ኬንትና ቶሚ አትኪንስ ያለው ከተገኘ በቁራጩ ቅርጽ ይቆያል። ተልጦ፣ ሁለት ሴንቲሜትር በሆነ ቁራጭ የተከተፈ አንድ ኪሎ ሥጋ ከ120 ግራም ስኳርና ከአንድ የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ጋር ይቀላቀላል። ለአንድ ሰዓት ይቀመጥና በማጥለያ ላይ ይገለበጣል። ከሥር የሚጠራቀመው ጭማቂ እንደ ማንጎው ብስለት ይለያያል፤ በጣም የበሰለው አንድ ብርጭቆ ሙሉ ሊለቅ ይችላል። ጭማቂው በትንሽ ድስት ግማሽ እስኪሆን ይፈላል።

30 ግራም የበቆሎ ስታርች፣ ማለትም ደልደል ያሉ አራት የሾርባ ማንኪያዎች ገደማ፣ በትንሽ ቀዝቃዛ ውሃ ተበጥብጦ እየተማሰለ ይጨመርበታል። ከፈላ በኋላም ወዲያውኑ አይወርድም። ጥሬ ስታርች ደብዛዛ ነጭ ነው፤ ሲበስል ጠርቶ ያብረቀርቃል፤ ጭሮ ላይ ውሃው ዝቅ ባለ ሙቀት ስለሚፈላ፣ ከባሕር ዳርቻ ከተማ ይልቅ አንድ ሁለት ደቂቃ ጨምሮ ማፍላት ይጠይቃል። ድብልቁ በጣም ወፍራም ሆኖ ማንኪያ ያቆማል። ይህ አያስደንግጥ፤ ማንጎው ምድጃ ውስጥ ተጨማሪ ውሃ ይለቅና ያላላዋል። ከፍሬው ጋር ተቀላቅሎ ሙሉ በሙሉ መቀዝቀዝ አለበት። ሞቅ ያለ ሙሌት ቀዝቃዛ ሊጥ ላይ ከፈሰሰ ቅቤው እዚያው ቀልጦ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

ለሊጡ 300 ግራም የፉርኖ ዱቄት፣ 200 ግራም ቀዝቃዛ ቅቤና አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ይዘጋጃል። 200 ግራሙ ዱቄት ከቅቤውና ከጨው ጋር በጣት ጫፍ ይታሻል፤ ድብልቁ ተጣብቆ፣ ሽንብራ የሚያክሉ የቅቤ ቁራጮች ግን እየታዩበት ሲቀሩ ይቆማል። የቀረው 100 ግራም ዱቄት ተነስንሶ በቀስታ ይቀላቀላል። በረዶ የነካው ውሃ በማንኪያ እየተረጨ ይጨመራል፤ ከአምስት እስከ ስድስት የሾርባ ማንኪያ። በጭሮ ደረቅ ወራት ዱቄቱ ስለሚደርቅ አንድ ማንኪያ ሊጨምር ይችላል። መለኪያው እጅ ነው፤ ጭብጥ ተደርጎ ሲጨመቅ ከተያያዘና ጠርዙ ብዙ ካልተሰነጠቀ በቃ። ተጠፍጥፎ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ ቢያንስ አንድ ሰዓት በማቀዝቀዣ ያርፋል። ከዚያ በተጠቀሰው መንገድ አንድ ጊዜ ታጥፎ ግማሽ ሰዓት ያርፋል። ሲዳመጥ የቅቤው ነጠብጣብ በሊጡ ላይ መታየት አለበት፤ ካልታየ ቅቤው ሟሙቷል ማለት ነው፤ ወደ ማቀዝቀዣ ይመለስ።

ከሊጡ ሁለት ሦስተኛው ለታች፣ አንድ ሦስተኛው ለክሮቹ ይሆናል። ታቹ ቀድሞ በሽንብራ ተጋግሮ፣ እንቁላል ተቀብቶና ኦቾሎኒ ተነስንሶበት ሲቀዘቅዝ ማንጎው ይገባል፤ ክሮቹ በላዩ ይጠላለፋሉ። ኦቨኑ ከነምጣድ ስባሪው በ220 ዲግሪ ግሎ ይጠብቃል። የመጀመሪያዎቹ 20 ደቂቃዎች በዚያ ሙቀት፣ ቀጥሎ በ190 ዲግሪ 35 ደቂቃ ገደማ። ላዩ ቀድሞ ከጠቆረ በፎይል ይሸፈናል። ማብቂያውን የሚናገረው ሰዓቱ አይደለም። ጭማቂው ጠርዝ ላይ ብቻ ሳይሆን መሐል ላይም በወፍራሙ ቡፍ ቡፍ እያለ መፍላት አለበት፤ ትሪው በቀስታ ሲወዘወዝ ደግሞ ፓዩ ከትሪው ተላቆ ከተንቀሳቀሰ ታቹ ደርቋል። ተጣብቆ ከቀረ ሌላ 10 ደቂቃ ምጣዱ ላይ ይቆይ።

ብዙ ልፋት የሚበላሸው ከዚህ በኋላ ነው። ትኩስ ትሪ ለጥ ያለ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ የሚወጣው እንፋሎት ከታች ታፍኖ ወደ ቂጣው ይመለሳል። እንጀራ ከምጣድ ሲወጣ ሰፌድ ላይ የሚዘረጋው እንፋሎቱ እንዲወጣ ነው፤ ለፓይም የሽቦ መደርደሪያ ከሌለ ሰፌድ ይበቃል። ስታርቹ ጭማቂውን የሚይዘው ሲቀዘቅዝ ነው፤ ስለዚህ ከሦስት ሰዓት በፊት መቁረጥ አይገባም። ትኩስ ሲቆረጥ የፈሰሰውን ጭማቂ አይቶ ስታርች አነሰ ብሎ ለሌላ ጊዜ መጨመር የተለመደ ስህተት ነው፤ በማግስቱ ያው ፓይ ረግቶ ይገኛል።

አሠራሩ ከፍሬ ፍሬ ጥቂት ይለወጣል። ዘይቱን ወፍራም ሥጋ ስላለው ዘሩ ወጥቶ ስታርቹ ወደ 20 ግራም ሊወርድ ይችላል። ሙዝ መጠጣለል አያስፈልገውም። ፓፓያ በጣም ስለሚለሰልስ ለፓይ ደካማ ምርጫ ነው፤ ከተገደደ ገና ያልበሰለውን መጠቀም ይሻላል። ብርቱካን ደግሞ ቢጠጣለልም ጭማቂው ስለማያልቅ በቁራጭ ከመጋገር ይልቅ ጭማቂውን በስታርችና በእንቁላል አውፍሮ ቀድሞ በተጋገረ ቂጣ ላይ ማፍሰስ ነው የሚያዋጣው።

አንድ ጊዜ ብቻ መሞከር የሚችል ሰው ከዚህ ሁሉ ምን ይምረጥ? ኦቨኑ ከታች ደካማ ከሆነ ቂጣውን ቀድሞ ይጋግር፤ ኦቨኑ ጠንካራ ከሆነና የምጣድ ስባሪ ካገኘ ጥሬ ሊጥ ላይ ቢሞላም ይሳካለታል። በሁለቱም መንገድ ግን ማንጎውን ሳያጠጣልል አይጀምር። የተረፈውን ፓይ ትኩስ እያለ በፌስታል ወይም በተዘጋ ዕቃ ማስቀመጥ አይገባም፤ በጨርቅ ሸፍኖ ማሳደር ይሻላል። በማግስቱ ቂጣው ከለሰለሰ፣ ለስለስ ባለ እሳት በሞቀ ምጣድ ላይ ከነትሪው 10 ደቂቃ ቢቀመጥ ታቹ ተመልሶ ይደርቃል።